ኢንሹራንሱ ለጀርባ ኤምአርአይ አልከፍልም አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንዴት ላንብበው?

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ማርች 14

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ፤ ኢንሹራንሴም በሥራዬ በኩል ነው። ካለፈው ሴፕቴምበር ጀምሮ ጀርባዬን ያመኛል። ሐኪሜ መጀመሪያ ፊዚካል ቴራፒ ላከኝ። አልሻል ሲለኝ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ኤምአርአይ አዘዘልኝና ተነሣሁ።

ማርች 10 ቀን ፖስታ ሣጥኔን ስከፍት ሁለት ነገር ጠበቀኝ። አንዱ ከኤምአርአይ ማዕከሉ የመጣ የ2,180 ዶላር ቢል ነው። ሌላው ከኢንሹራንሱ የመጣ ባለ ስድስት ገጽ ደብዳቤ ነው። ዋናውን ቦታ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፦

«ጃንዋሪ 28 ለተደረገልዎት የታችኛው ጀርባ ኤምአርአይ ክፍያ አልተፈቀደም። የደረሰን የሕክምና መዝገብ፣ በባለሙያ ክትትል ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ሕክምና ሞክረው እንዳልተሻለዎት አያሳይም። በመሆኑም አገልግሎቱ በፕላንዎ መመሪያ መሠረት ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች በሙሉ ስለ ይግባኝ ነው የሚያወሩት። የውስጥ ይግባኝ ይላል፣ የውጭ ግምገማ ይላል፣ ፍርድ ቤትም ይላል። አንድ ቦታ 180 ቀን፣ ሌላ ቦታ አራት ወር። የቱ የእኔ እንደሆነ ግራ ገባኝ። ደግሞ ዝም ብዬ ልነሣ ብዬ የሄድኩ ሰው አይደለሁም። ስሄድ ቀኝ እግሬ መጎተት ስለጀመረ ነው ሐኪሙ የላከኝ። እንግዲህ ልክፈለው ወይስ ምን ላድርግ?

የፒያሳው_ደምሴ · ማርች 14

ልጄ፣ እንዳትከፍል። እኔም ባለፈው ዓመት አልከፍልም ብለውኝ ተከራክሬ አስከፍያቸዋለሁ። ግን ቶሎ በል፤ ያለህ 65 ቀን ብቻ ነው። በቀጥታ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አመልክት። ኩባንያዎቹን የሚያዛቸው እሱ ነው። እዚያው ኩባንያው ዘንድ ይግባኝ ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ራሱ ከልክሎ ራሱ ይዳኛል እንዴ?

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ · ማርች 14

አይዞህ ወንድሜ። እኔ ላይም ደርሷል። ሌሊት ደረቴን ጨምድዶ ይዞኝ ኢመርጀንሲ ሄድኩ። ልቤን መረመሩኝ፣ ደም ወሰዱ፣ በመጨረሻ ጨጓራ ነው አሉኝ። ከወር በኋላ ኢንሹራንሱ «ድንገተኛ ሕመም አልነበረም» ብሎ አልከፍልም አለ። እኔ ያደረግኩት ልቤን ከፍቼ መጻፍ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዳሉኝ፣ ብቻዬን እንደማሳድጋቸው፣ ያን ሌሊት እንዴት እንደፈራሁ ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ ከፈሉ። አንተም እንደዚያ አድርገህ ጻፍላቸው። ሰው ናቸው፣ ያነባሉ።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 15

ማሩ፣ እኔ የምሠራው ሆስፒታል ቢሊንግ ክፍል ነው። ሥራዬ በሙሉ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ የተረጎምከውን አንቀጽ እንደገና አንብበው። «ኤምአርአይ አያስፈልግህም ነበር» አላለም። «የደረሰን መዝገብ አያሳይም» ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። አንድ ሰው፣ ምናልባትም አንተን አይቶህ የማያውቅ ነርስ ወይም ሐኪም፣ ፊቱ ላይ የተቀመጠውን ወረቀት ከመመሪያው ጋር አስተያየ። ወረቀቱ ላይ ስድስት ሳምንት የሚል ነገር ስላላገኘ መለሰው። አንተ ደግሞ ፊዚካል ቴራፒ ወስጃለሁ እያልክ ነው። እንግዲያው ጥያቄው «ምን ወረቀት ነው የደረሳቸው?» ነው።

ስለዚህ ይግባኙን ከመጻፍህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የክሌም ፋይልህን ቅጂና ውሳኔው የተሰጠበትን መመሪያ በጽሑፍ ጠይቅ። በነጻ ሊሰጡህ ግዴታ አለባቸው። ደብዳቤው ራሱ ውስጥ አራተኛው ወይም አምስተኛው ገጽ አካባቢ ይህን መብት የሚናገር ዓረፍተ ነገር ታገኛለህ። ሰው ሁሉ ዘሎት ያልፋል።

ስለ ጊዜው፣ ጋሼ ደምሴ ይቅርታ ያድርጉልኝና 65 ቀን የሚባለው የሜዲኬር አድቫንቴጅ ነው። የማሩ በሥራ በኩል ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ያለው 180 ቀን ነው ትክክሉ። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ ነው። ማርች 10 ከደረሰህ እስከ ሴፕቴምበር 6 ማለት ነው። ግን በዚያ ቀን ፖስታ ቤት ማስገባት አይደለም፤ እነሱ ጋር መድረስ አለበት። ቀኑ የተጻፈበትን ፖስታም አትጣለው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ እንዲህ ነው። የውስጥ ይግባኝ ይቀድማል። የሚወስነው መጀመሪያ የከለከለህ ሰው አይደለም፤ የእሱ የበታች ሠራተኛም መሆን አይችልም። ጉዳዩ የሕክምና ጉዳይ ስለሆነ በሙያው የሠለጠነ ሐኪም ማማከር አለባቸው። ሕክምናው አስቀድሞ ስለተደረገልህ መልስ ለመስጠት እስከ 60 ቀን አላቸው። ገና ያልተደረገ ሕክምና ቢሆን 30 ቀን፣ አስቸኳይ ቢሆን ደግሞ 72 ሰዓት ይሆን ነበር። ደብዳቤህ ላይ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ስለተጻፉ ነው ግራ የገባህ።

የውስጡ ካልተሳካ ነው የውጭ ግምገማ የሚመጣው። አራት ወር የሚለው ለዚያ ነው፤ የሚቆጠረውም ከመጨረሻው የውስጥ ውሳኔ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከኩባንያው ውጪ ያለ ገለልተኛ ሐኪም ያየዋል። «ይከፈል» ካለ ኢንሹራንሱ መክፈል ግዴታው ነው። ፍርድ ቤት የሚለው የመጨረሻው ነው፤ ለጊዜው እርሳው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እግርህ መጎተቱን ሐኪሙ ነግረኸው ሞክሮታል? ማለቴ እግርህን ወደ ላይ ግፋ፣ ተረከዝህ ላይ ተራመድ ብሎ ጥንካሬውን አይቷል? ያን በምን ቀን እንዳደረገና ጽፎት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ማርች 15

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አዎ ሞክሮታል። ጃንዋሪ 21 ነው። ተረከዜ ላይ መራመድ አቅቶኝ ነበር። «ይህ ጥሩ ነገር አይደለም፤ ኤምአርአይ ቶሎ እንፈልጋለን» ያለኝ ያኔ ነው። መጻፉን ግን አላውቅም። ቴራፒውን የወሰድኩት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው፤ ከሐኪሜ ቢሮ ጋር አይገናኙም።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 15

አየህ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቴራፒው ሌላ ክሊኒክ ከሆነ ሐኪምህ ያንን መዝገብ ላይልክ ይችላል፤ እሱ ጋር የለማ። የእግሩ ድካም ደግሞ ብቻውን ሌላ መንገድ ነው። አብዛኛዎቹ የጀርባ ኤምአርአይ መመሪያዎች በምርመራ የታየ አዲስ የጡንቻ ድካም ካለ ስድስት ሳምንት ጠብቅ አይሉም። የእነሱ መመሪያ ምን እንደሚል ፋይሉ ሲመጣ እናየዋለን። አሁኑኑ ሁለቱንም ክሊኒክ ደውለህ መዝገብህን ጠይቅ።

ቤቲ፣ ያንቺ እንኳን ተሳካልሽ። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ያንቺን ያስከፈለው የደረትሽ ሕመም ይመስለኛል። ኢመርጀንሲን በተመለከተ ሕጉ የሚያየው መጨረሻ ላይ የተገኘውን በሽታ አይደለም። አንድ ሐኪም ያልሆነ ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው በዚያ ምልክት «ጤናዬ ከባድ አደጋ ላይ ነው» ብሎ ቢሄድ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ነው። ስትገቢ ነርሷ የጻፈችው «ደረት ላይ ከባድ ሕመም» የሚል መስመር ነው ጉልበቱ። የማሩ ግን የመዝገብ ጉዳይ ነው። ስለ ልጆቹ ቢጽፍ ማንም ስድስት ሳምንቱን አያገኝበትም።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ · ማርች 15

እውነትሽን ነው፣ ከነርሷ ማስታወሻ ጋር ነበር የላክሁት። ቢሆንም ትንሽ ስለ ራሱ ቢጽፍ አይጎዳውም ባይ ነኝ።

አቤል_ሹፌር · ማርች 16

እኔም እርዱኝ። መኪናዬ ተገጭታ ኢንሹራንሱ እምቢ አለኝ። በራይድ አፕ ላይ ነበርክ፣ ለንግድ ስትጠቀምበት ነበር ብሎ። 180 ቀን ለእኔም ይሠራል?

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 16

አቤል፣ የመኪና ሌላ ሕግ ነው፤ እዚህ የምንለው 180 ቀን አይመለከትህም። ያንተ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምክንያት ነው። «ማስረጃ አላየሁም» ሳይሆን «ውላችን ይህን አይሸፍንም» ነው ያለህ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የውሉን ወረቀት አውጥተህ የጠቀሱትን አንቀጽ ቃል በቃል አንብብ። ግጭቱ ሲደርስ አፑ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፣ ሰው ጭነህ ነበር ወይስ ጥሪ እየጠበቅክ የሚለው ብዙ ይለውጣል። የራይድ ኩባንያው ራሱም ለአንዳንዱ ሰዓት ሽፋን አለው። ለብቻው ጥያቄ ክፈትበት፤ እዚህ ካደባለቅነው ማሩም አንተም ትጠፋላችሁ።

ሳራ_ዲሲ · ማርች 16

እኔ ስለ 2,180 ዶላሩ ልጨምር። አንድ ኢሜጂንግ ማዕከል ፍሮንት ዴስክ ሠርቼ ነበር። ማሩ፣ ማዕከሉ ኢንሹራንስህ ኔትወርክ ውስጥ ነው? ከኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ መጥቶ ነበር ወይስ ሳይመጣ ነው የተነሣኸው?

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ማርች 16

ኔትወርክ ውስጥ ነው። ፈቃዱን የሐኪሜ ቢሮ ጠይቆ ነበር። ማዕከሉ «እየታየ ነው፣ ና» ብሎኝ ሄድኩ።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 16

ሳራ ጥሩ ነገር አነሣሽ። ማሩ፣ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ማዕከል ከኢንሹራንሱ ጋር ውል አለው። ብዙ ጊዜ ያ ውል «ፈቃድ ሳይመጣ ከሠራህ ኪሳራው ያንተ ነው፤ ከታካሚው አትጠይቅም» ይላል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ የላከልህን የክፍያ መግለጫ አውጣ። «ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት ወረቀት ነው። እዚያ ላይ «እርስዎ ሊከፍሉ የሚችሉት» የሚለው መስመር ስንት ይላል? ዜሮ ካለ ማዕከሉ ቢል የሚልክበት ምክንያት የለም። 2,180 ካለ ግን መነጋገር አለብን።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ማርች 17

2,180 ይላል።

ሳራ_ዲሲ · ማርች 17

እንግዲያው ማሩ ሲገባ የፈረመው ወረቀት አለ። «ኢንሹራንሴ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» የሚል። ሁሉም ይፈርማል፤ እኔ ራሴ ነበርኩ የማስፈርመው። ከፈረመ መክፈሉ አይቀርም፤ ቢያንስ እኔ የሠራሁበት ቦታ እንደዚያ ነበር።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 17

እዚህ ላይ አልስማማም። በር ላይ ሁሉም የሚፈርመው አጠቃላይ ወረቀትና «ይህ የተወሰነ አገልግሎት በዚህ ቀን ይህን ያህል ዋጋ አለው፤ ኢንሹራንስዎ ላይሸፍን ይችላል» ብሎ በዝርዝር የሚያስፈርም ወረቀት አንድ አይደሉም። ብዙ የኔትወርክ ውሎች ሁለተኛውን ነው የሚጠይቁት። ግን ውል ከውል ይለያያል፤ የማዕከሉን ውል እኛ አላየነውም። ማሩ፣ ለኢንሹራንሱ ደውለህ «ማዕከሉ ኔትወርክ ውስጥ ነው፤ ፈቃድ ሳይመጣ ነው የሠራው፤ እኔን ማስከፈል ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። የመለሰልህን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፍ።

እስከዚያ ለማዕከሉ ቢሊንግ ክፍል ደውልና «ይግባኝ ላይ ነኝ፤ ሒሳቡን አግዱልኝ» በላቸው። ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ሊልኩት ይችላሉ። ይግባኝ መኖሩን ካልነገርካቸው አያውቁም።

እንግሊዝኛው ስልክ ላይ የሚያስቸግርህ ከሆነ የደብዳቤውን የመጨረሻ ገጽ እይ። በብዙ ቋንቋ የተደረደረ ጽሑፍ አለ፤ መካከሉ ላይ አንድ የአማርኛ መስመር አለበት። እዚያ ባለው ቁጥር በነጻ አስተርጓሚ ያቀርቡልሃል። ስትደውል «አማሪክ» ብቻ በል፤ ያገናኙሃል።

የፒያሳው_ደምሴ · ማርች 17

ትዕግስት፣ ስለ 65 ቀኑ ልክ ነሽ፤ የእኔ ሜዲኬር ነው። ግን የሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር ጋ መሄድ ለምን አይሆንም? የሥራ ባልደረባዬ ሄዶ ተሳክቶለታል።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 17

ጋሼ፣ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚወስነው ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። ማሩ የሚሠራበት ድርጅት ከኢንሹራንስ ኩባንያ ሽፋን ገዝቶ ከሆነ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ሥልጣን አለው። ትልልቅ ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ የሕክምናውን ገንዘብ ከራሳቸው ኪስ ነው የሚከፍሉት። የኢንሹራንሱ ኩባንያ ካርድ ያትምላቸዋል፣ ክሌም ያይላቸዋል እንጂ ገንዘቡ የእሱ አይደለም። ያኔ ጉዳዩ የፌዴራል ሕግ ይሆናል፤ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ማዘዝ አይችልም። የውጭ ግምገማው ግን እዚያም አለ፤ መንገዱ ነው የሚለየው።

ካርዱን አይቶ ብዙ ጊዜ ማወቅ አይቻልም፤ የሁለቱም ካርድ ይመሳሰላል። ማሩ፣ ኤችአር ጋ ሂድና «የፕላኑን ማጠቃለያ ሰነድ ስጡኝ» በላቸው። ወፍራም ሰነድ ነው። መጨረሻው አካባቢ ፕላኑ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ የሚናገር ቦታ አለው።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ማርች 25

ኤችአር ሰነዱን በኢሜይል ላኩልኝ። «ክፍያዎች የሚፈጸሙት ከአሠሪው አጠቃላይ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው የአስተዳደር አገልግሎት ብቻ ይሰጣል» ይላል። ስለዚህ የፌዴራሉ ነው ማለት ነው። የክሌም ፋይሉን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ በፋክስ ልኬ የደረሰበትን ማረጋገጫ አስቀምጫለሁ። ማዕከሉም ሒሳቡን ለጊዜው አግጃለሁ ብሎኛል።

ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል አንዷ «ማዕከሉ ሊያስከፍልህ አይችልም» አለች። በማግሥቱ ሌላው «ይችላል» አለኝ። ሁለቱንም ስማቸውን ጽፌያለሁ።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ማርች 25

በጣም ጥሩ። እንዲህ መልስ ሲለያይ «በጽሑፍ ላኩልኝ» በላቸው። ሰነዱን ካገኘህ ደግሞ የፌዴራል የሠራተኛ ሚኒስቴር ነጻ የምክር መስመር አለው፤ 1-866-444-3272 ነው። ከሥራ በኩል ያለ ፕላንን የሚመለከት ጥያቄ ይመልሳሉ። ፋይሉን ግን እንጠብቅ።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ኤፕሪል 9

ፋይሉ መጣ። ሦስት ገጽ ነው! አንዱ የኤምአርአይ ማዘዣ ነው። ሁለቱ ገጽ ኦክቶበር 7 ሐኪሜን መጀመሪያ ያየሁበት ማስታወሻ ነው። «የጀርባ ሕመም፣ ፊዚካል ቴራፒ ይጀምር» ይላል። በቃ። የጃንዋሪ 21ዱ የለም። የቴራፒው አንድም ወረቀት የለም። ክሌሙ ላይ ያለው የሕመም ኮድ M54.50 ነው።

መመሪያውንም ልከውልኛል። አንቺ እንዳልሽው ነው። ሁለት መንገድ አለው። ወይ የስድስት ሳምንት ሕክምና፣ ወይ በምርመራ የታየ አዲስ ወይም የባሰ የጡንቻ ድካም። በመካከሉ «ወይም» የሚል ነው ያለው።

ከሐኪሜ ቢሮ የጃንዋሪ 21ዱን ማስታወሻ አወጣሁ። «የቀኝ እግር ወደ ላይ የማንሣት ጥንካሬ 4 ከ5፤ ተረከዝ ላይ መራመድ አልቻለም» ብሎ ጽፎታል። ከቴራፒ ክሊኒኩ ደግሞ ከኦክቶበር 14 እስከ ዲሴምበር 5 ያለውን አገኘሁ። የመጨረሻው ማስታወሻ «መሻሻል የለም፤ ወደ ሐኪሙ ይመለስ» ነው የሚለው።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ኤፕሪል 9

ማሩ፣ ያንን ፋይል ያየው ሰው ፊት የነበረው ገና ሕክምና ያልጀመረ ሰው ነው። ኦክቶበር 7 ላይ ቆሞ ነው የፈረደብህ። ለዚያ ወረቀት ውሳኔው አይገርምም።

ኮዱም ያንኑ ይናገራል። M54.50 ማለት እንዲሁ የታችኛው ጀርባ ሕመም፣ ሌላ ምንም ያልተገለጸበት ማለት ነው። ነርቭ ተነክቶ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም M54.16 የሚባል ሌላ ኮድ አለ። የጃንዋሪው ማስታወሻ የሚደግፈው ከሆነ ሐኪምህ ማዘዣውን አስተካክሎ ማዕከሉ የታረመ ክሌም እንዲልክ መጠየቅ ትችላለህ። ግን ኮድ የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ አንተ «ይህን ጻፍልኝ» አትበለው። «ማስታወሻህና ኮዱ ይስማማሉ ወይ?» ብለህ ብቻ ጠይቀው። የታረመው ክሌም ቢላክም ባይላክም ይግባኙን አታቁም። 180 ቀኑ እሱን አይጠብቅም።

አሁን ደብዳቤውን ጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ስምህ፣ የአባልነት ቁጥርህ፣ የክሌም ቁጥሩ፣ የሕክምናው ቀን። ከዚያ የእነሱን ምክንያት በራሳቸው ቃል ጥቀስና በዚያው ሥር መልስ። ያያዝከውን እያንዳንዱን ወረቀት ገጽ ቁጥር ስጠው። የሚያነበው ሰው ብዙ ፋይል ነው ያለው፤ ፈልጎ እንዲያገኝ አታድርገው፣ ጣትህን አሳየው።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ኤፕሪል 19

የጻፍኩት ይህ ነው፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ አስቀመጥኩት፦

«ማርች 10 የደረሰኝ ደብዳቤያችሁ፣ መዝገቡ የስድስት ሳምንት ሕክምና አያሳይም ይላል። የክሌም ፋይሌን አይቻለሁ። ውስጡ ያለው ብቸኛ የጉብኝት ማስታወሻ የኦክቶበር 7 ነው። ይህም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው። አሁን ያያያዝኩት የፊዚካል ቴራፒ መዝገብ፣ ከገጽ 3 እስከ 14፣ ከኦክቶበር 14 እስከ ዲሴምበር 5 ከሰባት ሳምንት በላይ ታክሜ እንዳልተሻለኝ ያሳያል። በተጨማሪም መመሪያችሁ በምርመራ የታየ አዲስ የጡንቻ ድካም ካለ የጥበቃ ጊዜውን አይጠይቅም። የጃንዋሪ 21 ምርመራ፣ ገጽ 2፣ ሁለተኛው አንቀጽ፣ የቀኝ እግሬን ድካም መዝግቧል። ስለዚህ መመሪያው የሚጠይቀው በሁለቱም መንገድ ተሟልቷል። ውሳኔው ተሽሮ ክፍያው እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። ይግባኙን የሚያየው ሐኪም ሙያ ምን እንደሆነም እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»

ቤቲ፣ ስለ ሥራዬ አንድ መስመር አስገብቼ ነበር፤ ሳነበው ቦታ ስላጣሁለት አወጣሁት።

ቤቲ_አሌክሳንድሪያ · ኤፕሪል 19

ችግር የለም ወንድሜ። እንዲህ ሆኖ ሳነበው ጠንካራ ነው።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ኤፕሪል 20

ደብዳቤው ላይ ምንም የምጨምረው የለኝም። ከሐኪምህ ደግሞ አጠር ያለች ደብዳቤ ብታገኝ ጥሩ ነው፤ «ጃንዋሪ 21 ይህን አየሁ፤ ስለዚህ መጠበቅ አልቻልኩም» የምትል። ካላገኘህ ግን እሷን እየጠበቅክ ጊዜ አታባክን። ማስታወሻው ራሱ ይናገራል። ደብዳቤው ላይ ያለውን የይግባኝ ፋክስ ቁጥር ተጠቀም እንጂ ካርድህ ጀርባ ያለውን አይደለም። ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው፤ በተሳሳተው ከላክህ ዞሮ ዞሮ እስኪደርስ ወር ይፈጃል።

የፒያሳው_ደምሴ · ኤፕሪል 20

እኔ የሰማሁት ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ለኢንሹራንሱ ሐኪም ቢደውል ወዲያው ያልቃል ነው።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ኤፕሪል 20

ጋሼ፣ አለ እሱ። ግን በአብዛኛው ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ነው፤ ጊዜውም ከተከለከለበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ጃንዋሪ ላይ ፈቃዱ እየታየ ሳለ የሐኪሙ ቢሮ ቢደውል ኖሮ ምናልባት እዚህ አንደርስም ነበር። አሁን የማሩ ወደ ይግባኝ አልፏል። ቢሮውን ቢጠይቅ አይጎዳም፤ ተስፋ ግን አያድርግበት።

ማሩ_ሲልቨርስፕሪንግ · ሜይ 3

ኤፕሪል 22 በፋክስ ልኬዋለሁ። የሐኪሜ ደብዳቤም ደርሶልኝ አያይዤዋለሁ። ትናንት «ይግባኝዎ ደርሶናል» የሚል ወረቀት መጣልኝ። እስከ ጁን 21 እንመልሳለን ይላል።

ሐኪሜ ኮዱን አይቶ ማዘዣውን እንደሚያስተካክል ነግሮኛል። ማዕከሉ የታረመ ክሌም መላኩን ግን እስካሁን አላረጋገጠልኝም። የፈረምኩትን ወረቀት ቅጂ ጠይቄያቸው ሰጡኝ። ስለ ኤምአርአይ የሚል ነገር የለበትም፤ ዋጋም አልተጻፈበትም።

ሳራ_ዲሲ · ሜይ 3

እንግዲያው አጠቃላዩ ወረቀት ነው። እኛ ጋ በዚያም ሲያስከፍሉ አይቻለሁ። ትዕግስት ልክ ትሁን አትሁን ለማወቅ ያንን ውል ማየት ነበረብን።

ትዕግስት_ቢሊንግ · ሜይ 4

ያንን ወረቀት አስቀምጠው ማሩ። ይግባኙ ከተሳካ አያስፈልግህም፤ የምትከፍለው ኮፔይህንና ዲዳክቲብልህን ብቻ ነው። እሱም በ2,180 ዶላሩ ላይ አይሰላም፤ ኢንሹራንሱና ማዕከሉ በተስማሙበት ዋጋ ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል።

እምቢ ካሉህ ግን ሁለተኛውን ደብዳቤ ስታገኝ መጀመሪያ «የመጨረሻ የውስጥ ውሳኔ» ይላል ወይ የሚለውን እይ። አንዳንድ ፕላን ሁለት ዙር የውስጥ ይግባኝ አለው፤ ያኔ ሁለተኛውን ዙር ጨርሰህ ነው የምትወጣው። የመጨረሻ ካለ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ አራት ወር አለህ። ለውጭ ግምገማው ይህኑ ፋይል፣ በዚሁ ገጽ ቁጥር፣ መልሰህ ትልካለህ። መልሱ በ45 ቀን ውስጥ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ምክንያቱን የጻፉበትን አንቀጽ እዚህ አስቀምጠው፤ ቃሉን ከቀየሩት መልሱም ይቀየራል።